«ገደቡን ከፍ ማድረግ በቂ ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ፦ ሪከርሽን በረጅም አሬይ ላይ ለምን ይወድቃል?

ለቡድናችን አባላት፣

እርስ በርሳችሁ ተቀባብላችሁ ያነበባችሁትና ለእኔም የላካችሁልኝ ጽሑፍ ዋና ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦

> «ሪከርሽን በረጅም አሬይ ላይ ከወደቀ ገደቡን ከፍ ማድረግ በቂ ነው። ናሙና ቴስቶቹንና ጥቂት የዘፈቀደ ቴስቶችን ያለፈ ኮድ ጥልቀት አያሰጋውም። በሲ ፕላስ ፕላስ ለሚጽፍ ደግሞ ኮምፓይለሩ ራሱ ጥሪውን ወደ ሉፕ ይቀይርለታል። የግድ በእጅ መቀየር ካስፈለገም ሥራው ሜካኒካል ነው፤ ጥሪውን አውጥቶ በቦታው ስታክ መተካት ብቻ።»

ከአራቱ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ሙሉ በሙሉ ከእውነት የራቀ የለም፤ አደገኛ የሚያደርጋቸውም ይኸው ነው፤ እያንዳንዳቸው በአንድ ሁኔታ ይሠሩና በሌላው ሁኔታ ውድድር መሀል ላይ ይጥሏችኋል። ስለዚህ በተጻፉበት ቅደም ተከተል ልመልስላቸው። ምላሼ በአየር ላይ እንዳይቀር ሁሉንም በአንድ ጥያቄ ላይ እንፈትናቸዋለን። ርዝመቱ `n` እስከ 200000 የሚደርስ `a` የተባለ አሬይ ተሰጥቶናል፤ ኢንዴክስ `i` ላይ የቆመ ሰው ወደ `i + a[i]` ይዘልላል፤ ከእያንዳንዱ ኢንዴክስ ተነስቶ ከአሬዩ ለመውጣት ስንት ዝላይ እንደሚያስፈልግ ማተም አለብን። ለጊዜው ሁሉም `a[i]` ከ1 አያንስም እንበል። አብዛኞቻችሁ የምትጽፉት መልስ ይህን ይመስላል፤ `d` መልሶቹ የሚቀመጡበት፣ መጀመሪያ በዜሮ የተሞላ አሬይ ነው፦

```python
def f(i):
    if i >= n:
        return 0
    if d[i] == 0:
        d[i] = 1 + f(i + a[i])
    return d[i]
```

የዚህ ኮድ ስሌት ትክክል ነው፤ ፍጥነቱም ጥሩ ነው፤ እያንዳንዱ ኢንዴክስ አንድ ጊዜ ብቻ ይሰላል። ችግሩ ያለው በጥሪዎቹ ጠቅላላ ብዛት ሳይሆን በአንድ ጊዜ ሳይዘጉ በሚቆዩት ጥሪዎች ብዛት ላይ ነው። ሁሉም `a[i]` 1 ሲሆኑ `f(0)` የ`f(1)`ን መልስ ይጠብቃል፣ `f(1)` ደግሞ የ`f(2)`ን፤ የመጀመሪያው መልስ ከመመለሱ በፊት 200000 ጥሪዎች ተከፍተው ይደረደራሉ። ጥልቀት የምንለው ይህንን ነው።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ስንመጣ፣ ጸሐፊው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጎ ነው ያየው። ፓይተን ሳይነኩት የሚይዘው የ1000 ገደብ ቆጣሪ ነው። ጥልቀቱ ከዚያ ሲያልፍ ቋንቋው ራሱ ሥራውን አቁሞ `RecursionError` ይላል፤ የትኛው መስመር ላይ እንደቆመም ይነግራችኋል። `sys.setrecursionlimit(10**6)` የሚለው ትእዛዝ የሚለውጠው ይህንን ቆጣሪ ብቻ ነው። ጥሪዎቹ የሚደረደሩበት የስታክ ሜሞሪ ግን በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሚመደብ ሌላ ነገር ነው፤ በተለመደው ሊኑክስ ላይ `ulimit -s` ብላችሁ ብትጽፉ 8192 የሚል ይወጣል፤ ይህም 8 ሜጋባይት ማለት ነው። በዊንዶውስ ላይ ፕሮግራሙ ሲዘጋጅ ሌላ መጠን ካልተሰጠ በስተቀር 1 ሜጋባይት ነው። ቆጣሪውን ከፍ ስታደርጉ ይህ ሜሞሪ በአንድ ባይት እንኳ አይጨምርም።

ከፓይተን 3.11 በፊት በነበሩት ስሪቶች እያንዳንዱ የፓይተን ጥሪ ከዚሁ ስታክ ላይ ቦታ ይወስድ ነበር። ስለዚህ ቆጣሪውን ወደ ሚሊዮን ያደረሰ ሰው ግልጽ በሆነው የስህተት መልእክት ፋንታ `Segmentation fault` የሚል አንድ መስመር ብቻ ያገኛል፤ የወደቀበት መስመር አይነገረውም፤ ጃጁም `Runtime error` ብሎ ይዘጋል። ከ3.11 ወዲህ በፓይተን የተጻፈ ፈንክሽን ሌላውን በፓይተን የተጻፈ ፈንክሽን በቀጥታ ሲጠራ የሲ ስታክ አይነካም፤ በዚህ ስሪት ላይ ከላይ ያለው ኮድ ገደቡ ከፍ ሲል ሊያልፍ ይችላል። የጽሑፉ ጸሐፊ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ያየው ይህንን ይመስለኛል። ነገር ግን የጃጁን ስሪት የምትመርጡት እናንተ አይደላችሁም። በዚያ ላይ አንዳንዶቻችሁ `d`ን በእጅ ከመያዝ ይልቅ በፈንክሽኑ ላይ `functools.lru_cache` ትለጥፋላችሁ። እሱ በሲ የተጻፈ ስለሆነ እያንዳንዱ ጥሪ በሲ ኮድ በኩል ያልፋል፤ ከ3.12 ጀምሮ ደግሞ `sys.setrecursionlimit` የሚመለከተው የፓይተንን ኮድ ብቻ ነው፤ በሲ በኩል የሚያልፈው ጥልቀት በሌላ፣ በዚህ ትእዛዝ በማይነካ መንገድ ይገደባል። አንድ ዓይነት ሐሳብ ያላቸው ሁለት ኮዶች፣ አንዱ በእጅ በተያዘ አሬይ ሌላው በ`lru_cache`፣ በአንድ ማሽን ላይ አንዱ አልፎ ሌላው ሊወድቅ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ስታኩን ራሱን የሚያሰፋ መንገድም አለ። `threading.stack_size` በሚለው ትልቅ መጠን ጠይቃችሁ ዋናውን ሥራ በአዲስ ትሬድ ውስጥ ብታስኬዱት ብዙ ጊዜ ይሠራል። ይህ ግን ከጃጁ የሜሞሪ ገደብ ውስጥ የሚቆጠር ወጪ ነው፤ አንዳንድ ጃጆች ላይም ትሬድ መክፈት አይፈቀድም። ሰዓቱ ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ፤ በመጀመሪያው ሰዓት ላይ ግን የምትጽፉት ኮድ በዚህ እንዲደገፍ አልፈልግም።

ሁለተኛውን ነጥብ በቁጥር እንየው። ናሙና ቴስት ብዙውን ጊዜ `n` አምስት ወይም ስድስት የሆነበት ነው፤ ስለ ጥልቀት ምንም አይነግረንም። የዘፈቀደ ቴስት ደግሞ ከዚያ የባሰ ያዘናጋል። `a[i]`ን ከ1 እስከ `n` ባለው ክልል በዘፈቀደ ብትሞሉት፣ `n` 200000 ቢሆንም እንኳ ከኢንዴክስ 0 ተነስቶ ለመውጣት የሚያስፈልገው ዝላይ በአማካይ 2.7 ገደማ ብቻ ነው። አሬዩ ረጅም ነው፤ ሰንሰለቱ ግን እጅግ አጭር ነው። እንዲህ ያለውን ቴስት አንድ ሺህ ጊዜ ብትደጋግሙትም ኮዱ አይወድቅም፤ እናንተም ትልቅ ግብዓት ላይ የፈተናችሁት ይመስላችኋል። ጥያቄ አዘጋጁ ግን ሁሉንም 1 ያደረገ አንድ ፋይል ከቴስቶቹ መካከል ማስገባቱ አይቀርም። ይህንን ቴስት ለማዘጋጀት ሁለት መስመር ይበቃል፦

```python
print(200000)
print(*[1] * 200000)
```

ለሌሎች ጥያቄዎችም መፈለግ ያለባችሁ ግብዓት በርዝመቱ ትልቅ የሆነውን ሳይሆን ሰንሰለቱን የሚያስረዝመውን ነው። በዛፍ ላይ ለሚሠራ ኮድ እያንዳንዱ አባት አንድ ልጅ ብቻ ያለው ዛፍ ነው፤ የመጀመሪያውን አባል ፒቮት ለሚያደርግ ኩዊክሶርት ቀድሞ የተደረደረ አሬይ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ በከፊል እውነት ስለሆነ ጠንቀቅ ብዬ ልናገር። በፈንክሽኑ ውስጥ የመጨረሻው ሥራ ጥሪው ራሱ ሲሆንና የተጠራው የመለሰው ሳይነካ ወደ ላይ ሲተላለፍ፣ ጂሲሲ በ`-O2` ሲሠራ ያንን ጥሪ ወደ ሉፕ ይቀይረዋል፤ ከመልሱ ላይ ቁጥር መደመር ብቻ ሲቀርም አንዳንድ ጊዜ ይሳካለታል። የእኛ ኮድ ግን ጥሪው ከተመለሰ በኋላ መልሱን `d[i]` ውስጥ መጻፍ አለበት። ይህንን ለማድረግ `i` ማን እንደነበረ ማስታወስ ግድ ይላል፤ ማስታወሻው ደግሞ የተከፈተው ጥሪ የያዘው የስታክ ቦታ ነው። ኮምፓይለሩ ሊያጠፋው የሚችለው ትርፍ ነገር አይደለም። የምናስታውሰው በከንቱ ሳይሆን እንደገና ላለማስላት ስለሆነ፣ በውድድር ላይ የሚያጋጥሟችሁ ጥልቅ ሪከርሽኖች አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት ናቸው።

ስንት ቦታ ያስፈልጋል የሚለውን እናስላው። 8 ሜጋባይት 8388608 ባይት ነው፤ ለ200000 ጥሪዎች ሲካፈል ለአንዱ ጥሪ 42 ባይት ገደማ ይደርሰዋል። በባለ 64 ቢት ፕሮሰሰር ላይ የመመለሻ አድራሻው ብቻ 8 ባይት ይወስዳል፤ የሚቀመጡት ሬጅስተሮች ይጨመሩበታል፤ ጠቅላላውም በ16 እንዲካፈል ሆኖ ይስተካከላል። ስለዚህ አንዱ ጥሪ 32 ባይት ቢወስድ 6.4 ሚሊዮን ባይት ይሆንና ያልፋል፤ 48 ባይት ቢወስድ 9.6 ሚሊዮን ባይት ይሆንና ይወድቃል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ፈንክሽኑ ውስጥ የጨመራችሁት አንድ ወይም ሁለት ተለዋዋጭ ብቻ ሊሆን ይችላል። አንድ ቡድን ተመሳሳይ ሐሳብ ጽፎ ሲያልፍ ሌላው የሚወድቀው፣ ወይም ስህተት ለማጣራት አንድ መስመር ስትጨምሩ እስከዚያ ድረስ ይሠራ የነበረው ኮድ በድንገት የሚወድቀው ከዚህ የተነሣ ነው።

መውደቁ ከጥልቀት መሆኑን እንዴት ታውቃላችሁ? ከአሬይ ውጪ ማንበብም በሊኑክስ ላይ ያው `Segmentation fault` ሊሰጥ ስለሚችል መልእክቱ ብቻውን አይለይላችሁም። በራሳችሁ ማሽን ላይ `ulimit -s unlimited` ብላችሁ ያንኑ ፕሮግራም በዚያው ተርሚናል ላይ እንደገና አስኪዱት። አሁን ትክክለኛ መልስ ሰጥቶ ከጨረሰ ችግሩ ጥልቀት ነበር። ሜሞሪው እየጨመረ ሄዶ ማለቂያ ካጣ ሪከርሽኑ የትም የማይቆም ነው፤ ይህ ደግሞ ስታክ በማስፋትም ሆነ ወደ ሉፕ በመቀየር የማይድን የስሌት ስህተት ነው። በዚያው ቦታ እንደበፊቱ ወዲያው ከወደቀ ግን ኢንዴክሶቻችሁን መርምሩ።

አራተኛው ነጥብ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ልወስድ ነው፤ ምክንያቱም የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ፕሮግራሙን ይጥላሉ፣ ይህኛው ግን የተሳሳተ መልስ እየሰጠ በሰላም እንዲጨርስ ያደርገዋል። ምክሩን ቃል በቃል ብንከተለው የሚወጣው ኮድ ይህ ነው፦

```python
stack = [s]
while stack:
    i = stack.pop()
    j = i + a[i]
    if j < n:
        stack.append(j)
    d[i] = 1 + (d[j] if j < n else 0)
```

ይህ ኮድ አይወድቅም፤ ነገር ግን `d` መጀመሪያ በዜሮ የተሞላ ስለሆነ፣ `i` ከስታኩ ሲወጣ `j` ገና አልተሰላም። ከዚህ የተነሣ ከ0 ብንነሣና ሁሉም `a[i]` 1 ቢሆኑ ለሁሉም ኢንዴክስ 1 የሚል መልስ ይሰጣል። በሪከርሽኑ ውስጥ `1 +` የሚለው ሥራ የሚፈጸመው ጥሪው ከተመለሰ በኋላ ነበር፤ ሲቀየር ግን ከጥሪው በፊት ሆኗል። ስለዚህ ኮድ ለመቀየር ስትቀመጡ አስቀድማችሁ መጠየቅ ያለባችሁ «ጥሪው ከተመለሰ በኋላ ምን ሥራ ይቀራል?» የሚለውን ነው። ምንም ካልቀረ የጽሑፉ ምክር ይሠራል። የሚቀር ሥራ ካለ፣ ያ ሥራ መቼ እንደሚፈጸም እናንተ ራሳችሁ መወሰን አለባችሁ።

በእኛ ጥያቄ ውሳኔው ቀላል ነው። ዝላዩ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ስለሆነ `d[i]` የሚፈልገው ከእሱ በስተቀኝ ያለውን መልስ ብቻ ነው። ከመጨረሻው ኢንዴክስ ብንነሣ የሚያስፈልገን ሁሉ ተሰልቶ ይጠብቀናል፤ ስታክም አያስፈልግም፦

```python
for i in range(n - 1, -1, -1):
    j = i + a[i]
    d[i] = 1 + (d[j] if j < n else 0)
```

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። የመጀመሪያውን ሪከርሲቭ ኮድ ሳትነኩት፣ `f`ን ከ`n - 1` ወደ 0 እየወረዳችሁ ብትጠሩት ጥልቀቱ ከ2 አያልፍም፤ እያንዳንዱ ጥሪ የሚጠራው የሚቀጥለው ጥሪ ወይ መልሱ ተቀምጧል ወይ ከአሬዩ ወጥቷል። ያው ፈንክሽን ከ0 ሲጀመር 200000 ይጠልቃል፣ ከመጨረሻው ሲጀመር ግን አይጠልቅም። የስሌቱን ቅደም ተከተል የምታውቁ ከሆነ ችግሩ ከሞላ ጎደል አልቋል።

አሁን ጥያቄውን እናክብደው፤ `a[i]` አሉታዊም ዜሮም ሊሆን ይችላል እንበል። ዝላዩ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ስለሚሄድ የትኛው ኢንዴክስ ቀድሞ መሰላት እንዳለበት ከኢንዴክሱ ቁጥር አይታወቅም፤ ጨርሶ የማይወጡ ኢንዴክሶችም ይኖራሉ፤ ለእነርሱ -1 እናትማለን። መፍትሔው ጉዞውንና ስሌቱን መለየት ነው። መጀመሪያ መልሱ የታወቀ ቦታ ወይም የአሬዩ ጠርዝ እስኪደረስ ድረስ እየተጓዝን ያለፍንባቸውን እንመዘግባለን፤ ከዚያም ምዝገባውን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየፈታን መልሱን እንጽፋለን፦

```python
for s in range(n):
    path = []
    i = s
    while 0 <= i < n and d[i] == 0:
        d[i] = -1
        path.append(i)
        i += a[i]
    t = d[i] if 0 <= i < n else 0
    if t == -1:
        continue
    while path:
        t += 1
        d[path.pop()] = t
```

በ`a = [2, 3, -1, 5, -1]` ላይ እንከተለው። ከ0 ተነስተን ወደ 2፣ ከ2 ወደ 1፣ ከ1 ወደ 4፣ ከ4 ወደ 3 እንሄዳለን፤ ከ3 ወደ 8 ስንዘልል ከአሬዩ እንወጣለን። `path` አሁን 0፣ 2፣ 1፣ 4፣ 3 ይዟል፤ `t` ደግሞ 0 ነው። ከመጨረሻው ስንፈታ `d[3]` 1፣ `d[4]` 2፣ `d[1]` 3፣ `d[2]` 4፣ `d[0]` 5 ይሆናል። ሪከርሽኑ ሲመለስ የሚያደርገው ሥራ በትክክል ይኸው ነበር፤ አሁን ግን በግልጽ በተጻፈ ሁለተኛ ሉፕ ውስጥ ተቀምጧል። እያንዳንዱ ኢንዴክስ በጠቅላላው አንድ ጊዜ ብቻ ወደ `path` ስለሚገባ ጊዜውም አልጨመረም። በሲ ፕላስ ፕላስ `path`ን የኢንቲጀር ቬክተር ብታደርጉት 200000 ኢንዴክሶች 800000 ባይት ይይዛሉ፤ ያውም ከስታኩ ላይ ሳይሆን ከሂፑ። ጥሪው ይዞት የነበረው ትርፍ ነገር ሁሉ ቀርቶ በእርግጥ የሚያስፈልገው `i` ብቻ ተቀመጠ ማለት ነው።

በዚህ ኮድ ውስጥ ሁለት ዝርዝሮችን አትለፏቸው። አንደኛው `d[i] = -1` የሚለው መስመር ነው። እሱ ባይኖር ኖሮ ዝላዮቹ ክብ ሲሠሩ የመጀመሪያው `while` መቼም አይቆምም፤ `path` ሜሞሪው እስኪያልቅ ድረስ ያድጋል። ሪከርሲቩ ኮድ በዚህ ግብዓት ላይ ቢያንስ ቶሎ ይወድቅ ነበር፤ ወደ ሉፕ የተቀየረው ግን ጊዜ እየበላ ይቆያል። -1 ስንጽፍ «አሁን እየተጓዝኩበት ነው» እና «ከዚህ መውጫ የለም» የሚሉት ሁለት ሁኔታዎች አንድ ምልክት ይጋራሉ፤ ይህም ስህተት አይደለም፤ ጉዞው ከሁለቱ በአንዱ ላይ ቢያርፍ የተጓዝንባቸው ሁሉ አይወጡም፤ -1 ሆነው ይቀራሉ። ሁለተኛው `0 <= i` የሚለው ነው። በፓይተን `d[-1]` ስህተት አይደለም፤ የመጨረሻውን አባል ያነባል። ወደ ግራ የወጣ ዝላይ ይህ ማጣሪያ ከሌለው በዝምታ ከአሬዩ መጨረሻ ይገባና ሌላ ሰንሰለት ይቀጥላል።

አንድ ኢንዴክስ ከአንድ በላይ ጥሪ በሚያደርግበት ጊዜ፣ ማለትም በዛፍ ላይ፣ ነጠላ መንገድ መመዝገብ አይበቃም፤ እያንዳንዱ ኖድ የትኛው ልጁ ላይ እንደደረሰ ማስታወስ አለበት። ለዚህ ከስታኩ ሌላ ለእያንዳንዱ ኖድ አንድ ቆጣሪ ያዙ፤ ከላይ ያለውን ኖድ ሳታወጡ ተመልከቱት፤ ያልታየ ልጅ ካለው ቆጣሪውን ጨምራችሁ ልጁን ጫኑ፤ ልጆቹ ካለቁ ብቻ አውጡትና ከጥሪው በኋላ የነበረውን ሥራ ፈጽሙ። ሳያወጡ መመልከት የሚለው ቃል ወሳኝ ነው፤ አስቀድሞ ማውጣት ነው ከላይ ያየነውን ስህተት የሚያመጣው።

ይህን ሁሉ ስል እያንዳንዱን ሪከርሽን እንድትቀይሩ አይደለም። መርጅ ሶርት 200000 አባላት ላይ 18 ያህል ብቻ ይጠልቃል፤ እሱን መቀየር ጊዜ ማባከን ነው። ኩዊክሶርት ላይ ደግሞ ግማሽ መንገድ መሄድ ይበቃል፦ ከሁለቱ ክፍሎች ትንሹን በጥሪ፣ ትልቁን በሉፕ ሥሩት። ትንሹ ክፍል ምንጊዜም ከግማሽ ስለማይበልጥ በተደረደረ አሬይ ላይም ጥልቀቱ ከ18 አይዘልም፤ ጊዜው ግን ፒቮቱ ካልተቀየረ አሁንም የ`n` ካሬ ነው፤ ስለዚህ ከመውደቅ ድኖ በጊዜ ገደብ ይያዛል። ፒቮቱን በዘፈቀደ መምረጥ የሚያስፈልገው ለዚህኛው ነው።

ለሚቀጥለው ልምምድ ባለፉት ሳምንታት የጻፋችኋቸውን የግራፍና የዛፍ ኮዶች ይዛችሁ ኑ። ለእያንዳንዱ ሰንሰለቱን ወደ 200000 የሚያደርስ አንድ ፋይል፣ ክብ የሚሠራ ግብዓት የሚፈቀድ ከሆነም ሌላ አንድ ፋይል አዘጋጁ፤ በሁለቱም ላይ አስኪዳችሁ የወደቁትን ለዩ። ከዚያ በፊት ግን በወደቀው ኮድ ውስጥ ጥሪው ከተመለሰ በኋላ የሚቀረውን ሥራ በእርሳስ አስምሩበት፤ መቀየር የምንጀምረው ከእሱ ነው።